በኮሮላ ላይ የተገጠመ ባለ 17 ኢንች ቸርኬ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ቶዮታ ኮሮላዬ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ጎማ 195/65R15 ነበር። ካለፈው ክረምት መውጫ ጀምሮ ግን አዲስ አበባ ውስጥ የምነዳው በ17 ኢንች የአሉሚኒየም ቸርኬ ላይ በተገጠመ 215/45R17 ጎማ ነው።

በጎማ መጠን ላይ የመጀመሪያው ቁጥር ስፋቱን በሚሊ ሜትር ይገልጻል፤ ሁለተኛው ቁጥር የጎማው ጎን ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ያመለክታል። በዚህ ስሌት የቀድሞው ጎማ ጎን 127 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን የአዲሱ 97 ነው። በጥሩ አስፋልት ላይ መኪናው ለመሪ ቶሎ ይታዘዛል፤ ኩርባ ላይም ማዘንበሉ ቀንሷል። ኮብልስቶን ላይ ግን ቀድሞ ጎማው ይውጠው የነበረው ንዝረት አሁን በቀጥታ ወደ መቀመጫው ይደርሳል፤ በተለይ ከኋላ የሚቀመጡ ሰዎች ልዩነቱን ወዲያው ያስተውሉታል።

የፍጥነት መለኪያውን በአዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ ከስልክ ጂፒኤስ ጋር አነጻጽሬዋለሁ። የአዲሱ ጎማ ሙሉ ቁመት 625 ሚሊ ሜትር፣ የቀድሞው ደግሞ 634 ነው፤ ጎማው በ1.5 በመቶ ገደማ ስላነሰ ለተመሳሳይ ርቀት ብዙ ጊዜ ይሽከረከራል። ስለዚህ መለኪያው 100 ሲያሳይ ቀድሞ 96 የነበረው እውነተኛ ፍጥነት አሁን ወደ 95 ወርዷል፤ ኪሎ ሜትር ቆጣሪውም በዚያው መጠን አብዝቶ ይቆጥራል። ይህ የሚያሳስብ አይደለም። የሚያሳስበው የጎማው ሙሉ ቁመት ከቀድሞው ሲበልጥ ነው፤ ያን ጊዜ መኪናው መለኪያው ከሚያሳየው በላይ ሊፈጥን ይችላል።

ትልቁ ጉዳይ የጉዳት ስጋቱ ነው። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ አጭሩ ጎን በጉድጓዱ ጠርዝና በቸርኬው መካከል ይቆነጠጣል፤ በውስጡ ያሉት ክሮች ሲበጠሱም ጎኑ ላይ እብጠት ይወጣል። ውሃ የሸፈነው አንድ ጉድጓድ የፊት ቀኝ ጎማዬን እንዲህ አድርጎታል፤ ያበጠ ጎን በጎሚስታ የሚጠገን ስላልሆነ ጎማውን መጣል ግድ ነበር። የቸርኬው ጠርዝም በትንሹ ታጥፎ ስለነበር ባላንስ ከተደረገ በኋላ እንኳ መሪው ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። አየር በየጥቂት ቀኑ መቀነሱም ሌላው የመታጠፍ ምልክት ነው።

ንዝረቱን ለማለዘብ አየር መቀነስ መቆንጠጡን ያባብሰዋል። የዚህ መጠን መደበኛ ጎማ የጭነት ቁጥሩ 87፣ ማለትም 545 ኪሎ ግራም ሲሆን የቀድሞው 91፣ ማለትም 615 ነበር። ስለሆነም ለተጨማሪ ጭነት የተጠናከረ መሆኑን የሚያሳይ XL የሚል ምልክት ያለውንና ቁጥሩ 91 የሆነውን መርጫለሁ፤ እሱም ያንኑ ጭነት ለመሸከም ከቀድሞው ከፍ ያለ አየር ይፈልጋል።

እነዚህ ጎማዎች ሲያልቁ 205/55R16 እገጥማለሁ። ጎኑ 113 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ሙሉ ቁመቱም ከፋብሪካው ጎማ የሚያንሰው በ3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው።