«ቀጥታ ዳሽቦርድ» ተብሎ 18,000 ብር የተከፈለበት የቆመ ቁጥር

ጎንደር ውስጥ ፎቶ ኮፒ፣ የዲቪ ፎርም፣ የሠርግ ካርድና «ሶፍትዌር» በአንድ ጠረጴዛ ላይ የሚሸጡ ቤቶችን የማያውቅ ስለሌለ፣ እኔን የገጠመኝን ቤት መግለጽ አያስፈልገኝም። ንዴቴ ሳይበርድ የምጽፈው ሌላ ሰው በዚያው መንገድ እንዳይታለል ነው።

በፒያሳ፣ በማራኪና በአዘዞ ሦስት የእንቁላል መሸጫዎች አሉኝ። ሻጮቼ የቀኑን ሽያጭ በስልካቸው ፎርም ላይ ይሞላሉ፤ ባለሙያው የሠራው ስክሪፕት ደግሞ በየማታው ከ3 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ቁጥሮቹን ሰብስቦ በጉግል ሺት ላይ አንድ አዲስ ረድፍ ይጨምራል። የመጀመሪያው ዓምድ ቀኑን፣ የሚቀጥሉት ሦስቱ የየሱቁን ሽያጭ፣ አምስተኛው ድምሩን ይይዛሉ። ዳሽቦርዱ ከዚያ ሰንጠረዥ እያነበበ የመጨረሻውን ቀን ሽያጭ በትልቅ ቁጥር ያሳየኛል ተባለ። ሥራው ጥቅምት 15 ተጀምሮ ኅዳር 14 ማታ ተረከብሁ።

የተታለልሁት በዚያች የርክክብ ሰዓት ነው። ስልኬ ላይ 1,860 የሚል ቁጥር ይታያል፤ ከደብተሬ ጋርም ልክ ነበር፣ የቅበላ ገበያ ነበርና። «በእርግጥ ቀጥታ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ሳቅ ብሎ፣ «ጋሼ፣ በዓይንዎ ይዩት» አለና በሰንጠረዡ የመጨረሻ ረድፍ ላይ የማራኪውን ቁጥር በ40 ከፍ አደረገው። ስልኬ ላይ ያለው ቁጥር ወዲያው ወደ 1,900 ተለወጠ። ቁጥሩን ወደነበረበት ሲመልሰው ስልኬም አብሮ ተመለሰ። እኔ ሞኙ እጁን ጨብጬ ቀሪውን ክፍያ ቆጥሬ ሰጠሁት። ያሳየኝ ነባር ሕዋስ ሲስተካከል ውጤቱ እንደሚለወጥ ብቻ ነበር፤ አዲስ ረድፍ ሲጨመር ምን እንደሚሆን አላሳየኝም፣ እኔም አልጠየቅሁትም።

በማግስቱ ጾመ ነቢያት ገባ። በየዓመቱ በዚህ ቀን ትዕዛዜን ከግማሽ በታች አወርዳለሁ፤ ዘንድሮ ግን ዳሽቦርዱ 1,860 ስላለ ሆቴሎቹ ለእንግዳ እየገዙ ነው ብዬ ራሴን አሳመንሁ። ለአራት ቀን በየቀኑ 1,900 እንቁላል አስመጣሁ። የአዘዞዋ ልጅ ደውላ «ጋሼ፣ እንቁላሉ አልወጣም፣ ማስቀመጫም የለኝ» ስትለኝ፣ ዳሽቦርዱ ሌላ ነው የሚለው ብዬ የተቆጣኋት እኔው ነኝ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

ኅዳር 18 ማታ ሰንጠረዡን ራሴ ከፈትሁት። ስክሪፕቱ ሥራውን በትክክል ሠርቷል፤ ከ32ኛው እስከ 35ኛው ረድፍ 610፣ 540፣ 585 እና 490 ተጽፏል። የተሸጠው 2,225፣ የመጣው 7,600፣ የተረፈው 5,375 ነው። በዳሽቦርዱ ትልቅ ቁጥር ላይ ስጫን ያገኘሁት ቀመር ይህ ብቻ ነበር፦

```
=E31
```

አንደኛው ረድፍ ርዕስ ስለሆነ ሠላሳዎቹ የሙከራ ቀናት 31ኛው ረድፍ ላይ ያልቃሉ። ቁጥሩ እዚያው የቅበላው ዕለት ላይ ተቸንክሯል፤ መስመራዊው ግራፍም ክልሉ `A1:E31` ስለሆነ ከዚያ በኋላ ያለውን አያይም። ስክሪኑ ላይ ቀን ስላልተጻፈ ደግሞ ቁጥሩ የየትኛው ዕለት እንደሆነ የማውቅበት መንገድ አልነበረም።

በማግስቱ ስሄድ ከወንበሩ እንኳ አልተነሣም። «የተስማማነው ለሠላሳ ቀን ዳታ ነው፤ እንዲታደስ ከፈለጉ በወር 3,000 ብር ነው» አለኝ። ከዚያ ወደ ረዳቱ ዞሮ፣ እኔ እየሰማሁ፣ «እንቁላል በደብተር አይሻልም ነበር?» አለው፤ ሁለቱም ሳቁ። በወር 3,000 ብር የተጠየቀበት ጥገና ይህችን መስመር መጻፍ ነበር፦

```
=SUMIFS(E2:E, A2:A, MAX(A2:A))
```

ክልሉ የመጨረሻ ረድፍ ቁጥር ስለሌለው በየማታው የሚጨመረውን ሁሉ ያያል፤ ከቀኖቹም የቅርቡን መርጦ የዚያን ዕለት ድምር ያወጣል።

እንግዲህ የምትረከቡ ሰዎች ነባር ቁጥር አስለውጣችሁ አትመኑ፤ ከሰንጠረዡ ግርጌ የነገን ቀን የያዘ ረድፍ ጨምራችሁ እዩ። ከቁጥሩ ጎንም `=MAX(A2:A)` አስጽፉ፣ የመጨረሻውን ቀን ያሳያችኋል፤ 0 ወይም የ1899 ቀን ካወጣ ቀኖቹ የገቡት እንደ ተራ ጽሑፍ ነው ማለት ነው። ስክሪፕቱን የሚያስነሣው ትሪገርም በራሳችሁ አካውንት ይከፈት። ትሪገር የሚሠራው በከፈተው ሰው ፈቃድ ነው፤ ሲበላሽ የሚላከው ኢሜይልም የሚደርሰው ለእርሱ ነው።

የእኔ በእርሱ አካውንት ነበር። ከተጨቃጨቅን በኋላ ማታ 4 ሰዓት አለፈ፣ 36ኛው ረድፍ ግን እስካሁን ባዶ ነው።