ለወንድሜ በሽታ ትክክለኛ ስሙን ላገኙለት ሁለት ሐኪሞች

ሰላም የሀዋሳ ልጆች። ይህን ጽሁፍ ልጻፍ ልጻፍ እያልኩ ወር አለፈ። ዛሬ ቡና ላይ እናቴ «ሰዎቹን ሳታመሰግኚያቸው ልትቀሪ ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ታናሽ ወንድሜ 22 ዓመቱ ነው። ባጃጅ ይነዳል። ጥምቀት ሰሞን አንገቱ ላይ፣ በግራ በኩል ወደ ታች፣ እብጠት ወጣበት። አያመውም። ሲነኩት እንደ ላስቲክ ነጠር ይላል። እኛ ንፍፊት ነው፣ ይጠፋል ብለን ተውነው። አልጠፋም።

ከዚያ በኋላ ያየነውን መከራ ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር። ስም አልጠራም። የመጀመሪያው ቦታ በቀጭን መርፌ ወግተው ትንሽ ነገር ሳቡ። «በኢንፌክሽን ያበጠ እጢ ነው» ተባለና አንቲባዮቲክ ተሰጠው። ሁለተኛው ቦታ ፕሬድኒሶሎን የሚባል ስቴሮይድ አዘዙለት። እብጠቱ ሟሸሸ፤ እኛም እልል አልን። ክኒኑ ካለቀ በኋላ ግን ብሶበት ተመለሰ። ሦስተኛው ቦታ እንደገና በመርፌ ወጉት። «ቲቢ ይመስላል» አሉ። ባክቴሪያውን ያሳየ ምርመራ አልነበረም፤ ግን የቲቢ መድኃኒት አስጀመሩት። ሦስት ወር ዋጠ። ማታ ማታ ላብ ያጠምቀዋል፣ ካናቴራውን ሦስት ጊዜ እንቀይርለታለን። «ለምን አይሻለውም?» ብዬ ስጠይቅ «መድኃኒቱን ሳይጨርስ አትምጡ» ተባልኩ። ያቺን ቀን በር ላይ ቆሜ አልቅሻለሁ።

በሰው ጥቆማ ነው እዚሁ ሀዋሳ ወዳሉት ሴት ቀዶ ሐኪም የሄድነው። እሳቸው ገና እብጠቱን ሳይነኩ ሁለት ነገር ጠየቁ። «ክብደትህ ስንት ነበር?» አሉት። ከስድስት ወር በፊት 64 ኪሎ ነበር፣ ያን ቀን 56 ሆነ። «ስምንት ኪሎ! ከአንድ አስረኛ በላይ ነው» አሉ። ቀጥለው «ስቴሮይድ ወስደህ ታውቃለህ?» አሉት። ስለ ፕሬድኒሶሎኑ ስንነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። ሊምፎማ የሚባለው የእጢ ካንሰር ከሆነ ያ መድኃኒት ህዋሶቹን ለጊዜው እንደሚያሟሟቸው፣ በዚያ ሰሞን የተወሰደ ናሙናም በሽታውን ሊደብቅ እንደሚችል ነገሩን። ደግነቱ ካቆመ ወራት አልፈውታል።

«በመርፌ ሁለቴ ታይቷል እኮ» አልኳቸው። መልሳቸውን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

«የማር እንጀራ አይተሽ ታውቂያለሽ አይደል? መርፌ ማለት ከእንጀራው ላይ ሁለት ጠብታ ማር መምጠጥ ነው። ማር መሆኑን ታውቂያለሽ። ክፍሎቹ እንዴት እንደተሠሩ፣ የቱ ጋ እንደፈረሰ ግን ጠብታው አይነግርሽም። እኔ እንጀራውን ከነሽፋኑ ነው የምፈልገው።»

ብሽሽቱ ላይም ትንንሽ እጢዎች ነበሩት። ለማውጣት የሚቀሉት እነዚያ ይመስሉኝ ነበር። እሳቸው ግን የብሽሽት እጢ በእግር ቁስል ሁሉ ስለሚያብጥ ሊያሳስት ይችላል ብለው ተዉት። ከአንገቱም ላይ ለእጅ የቀረበችውን ትንሿን ትተው ትልቁን መረጡ።

ከቀዶ ጥገናው በፊት «ትከሻህን ወደ ላይ ከፍ አድርግ» አሉት። ከፍ አደረገ። በዚያ የአንገት ክፍል ትከሻን የሚያነሳ ነርቭ ያልፋል፤ ከተነካ ትከሻ ይወድቃል። ይህንን አደጋ ሳይደብቁ ነግረውን አስፈረሙን። አንገቱን ብቻ አደንዝዘው፣ ከእሱ ጋር ስለ ባጃጅ እያወሩ አወጡት። የእርግብ እንቁላል ታክላለች። ቁስሉን ሰፍተው እንደጨረሱ የመጀመሪያ ቃላቸው «እስቲ ትከሻህን» ነበር። ከፍ አደረገ። እኔ በበሩ ክፍተት እያየሁ ነበር፤ ያኔ ነው የተነፈስኩት።

እጢዋን ለሁለት ሰነጠቋት፣ እንዳትበላሽ የሚጠብቃት ፈሳሽ፣ ፎርማሊን፣ ውስጧ እንዲገባ። አፉ ሰፊ የሆነ ጠርሙስ ውስጥ አስገቧት፤ ፈሳሹ ከእጢዋ ብዙ እጥፍ ነው። ስሙን በራሳቸው እጅ ጻፉ። ክዳኑ ላይ አይደለም፣ ጠርሙሱ ላይ። «ክዳን ይቀያየራል፣ ሰው አይቀያየርም» አሉኝ። እኛ ከዚያ በፊት የወንድሜን ስም እንኳን አስተካክሎ የጻፈልን አላገኘንም ነበር።

ሁለተኛው ባለውለታዬ እጢዋን በማይክሮስኮፕ የመረመሩት ሐኪም፣ ፓቶሎጂስቱ ናቸው። እድሜያቸው የገፋ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው። ውጤቱን በወረቀት ብቻ አልሰጡኝም፤ አስቀምጠው አስረዱኝ። ሊምፎማ አንድ በሽታ አይደለም አሉኝ። መጀመሪያ ለሁለት ይከፈላል፦ ሆጅኪን እና ሆጅኪን ያልሆነ። ስሙ እ.ኤ.አ. በ1832 ስለ በሽታው ከጻፈው እንግሊዛዊ ሐኪም ከቶማስ ሆጅኪን የመጣ ነው። ሆጅኪን ያልሆነው ደግሞ ቢ ከሚባለው ነጭ የደም ህዋስ ነው የተነሳው ወይስ ቲ ከሚባለው፣ ቀስ ብሎ ያድጋል ወይስ ይፈጥናል እየተባለ ወደ ብዙ ዓይነት ይከፋፈላል። መድኃኒቱም እንደ ዓይነቱ ይለያያል። ስሙ ከተሳሳተ ህክምናውም ይሳሳታል።

የወንድሜ ሆጅኪን ነው። «ታዲያ መርፌው ለምን አላየውም?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ምስር ትለቅሚያለሽ?» አሉኝ። «በሆጅኪን እጢ ውስጥ በሽተኛው ህዋስ ብዙ ጊዜ ከመቶ አንድ ቢሆን ነው። ሌላው እሱን ከቦ የመጣ ጤነኛ ህዋስ ነው። ከሰፌዱ ላይ አንድ ጭብጥ አንስተሽ ጠጠር ብታጪበት፣ ሰፌዱ ጠጠር የለበትም ትያለሽ?»

ከዚያ በማይክሮስኮፑ አሳዩኝ። መሀሉ ሁለት ትልልቅ ኒውክለስ ያለው፣ እንደ ጉጉት ዐይን ትክ ብሎ የሚያይ ህዋስ። እጢው ደግሞ በወፋፍራም ጭረት ተከፋፍሏል፣ ልክ በግድግዳ እንደተለዩ ክፍሎች። የበሽታው ንዑስ ስም «ኖዱላር ስክለሮሲስ» የወጣው ከዚያ ግድግዳ ነው አሉኝ። ያ ግድግዳ በመርፌ በተሳበ ልቅ ህዋስ ላይ አይታይም። ሆጅኪን አንዳንዴ ቲቢ የሚመስል ነገር እጢው ውስጥ ስለሚሠራ፣ ሰዎቹ የተሳሳቱት በዚያ ሊሆን እንደሚችልም ነገሩኝ። ለማረጋገጥ ልዩ ቀለም የሚቀባ ምርመራ ተጨመረ። በሽተኛው ህዋስ ላይ ሲዲ 30 እና ሲዲ 15 የሚባሉት ምልክቶች ታዩ። ከዚህ በላይ ያለውን አልገባኝም፣ አላወራበትም።

መርፌውን ግን አላጣጣሉትም። ለቲቢም፣ ከሌላ ቦታ ለተዛመተ ካንሰርም መጀመሪያ ላይ ብዙ ይጠቅማል አሉ። እጢው ደረት ወይም ሆድ ውስጥ ተደብቆ ከሆነም ከቀጭኑ ወፈር ባለ መርፌ፣ ቁራጭ ሥጋ በሚያወጣው፣ ይወሰዳል። ችግሩ ሊምፎማ እየተጠረጠረና እጢው ለእጅ ቀርቦ እያለ፣ በቀጭኑ መርፌ ውጤት ብቻ ፋይሉን መዝጋት ነው።

እባካችሁ፣ እብጠቱ ሳምንታት አልፎት ያልጠፋ፣ በዚያ ላይ ማታ የሚያልበው፣ የሚከሳ ሰው ካላችሁ፣ «የመርፌው ውጤት ደህና ነው» ተብላችሁ አትመለሱ። «ሙሉ እጢው ወጥቶ ቢታይስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ በፊት ስቴሮይድ ከፋርማሲ ገዝታችሁ አትስጡት። በሀዋሳ የሚሄዱበትን ለሚፈልግ ደግሞ እነዚህን ሁለት ሰዎች ከልቤ እጠቁማለሁ፣ ደግሜም እጠቁማለሁ። ስማችንን አደባባይ ላይ አትጻፊ ስላሉኝ ነው እንጂ በትልቁ እጽፈው ነበር። በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ እነግራችኋለሁ።

ወንድሜ በየሁለት ሳምንቱ መድኃኒቱን በደም ሥር ይወስዳል። አርብ አራተኛው ነው። ላቡ ቆሟል፤ ሌሊት ካናቴራ መቀየር ከተውን ሦስት ሳምንት ሆነን።