ወተት ወይስ እርጎ? ፍሪዘር የሚችለው የቱን ነው?

በድሬዳዋ ሙቀት ወተት ከቀትር አያልፍም። የተረፈውን ፍሪዘር ውስጥ ልንከተው ነው። ግን እንዳለ ወይስ አርግተን?

ወተት፦ ውሃው በረዶ ሲሆን ይሰፋል፤ ከጠርሙሱ አፍ ሁለት ጣት ያህል ክፍት ተዉ። በረዶው የስቡን ጠብታዎች የሸፈነውን ስስ ሽፋን ይቀደዋል። ስለዚህ ሲቀልጥ ቢጫ ቅንጣቶች ከላይ ይንሳፈፋሉ። እኔም መጀመሪያ ሳየው ተበላሸ ብዬ ልደፋው ነበር። አልተበላሸም። ፍሪጅ ውስጥ አሳድራችሁ አቅልጡት፣ በደንብ ናጡት፣ አብዛኛው ይመለሳል። ከሸተተ ወይም ሲፈላ ከተቆራረጠ ግን ድፉት።

እርጎ፦ እዚህ ጉዳቱ የከፋ ነው። እርጎን አርግቶ የያዘው ውሃ ያዘለ የፕሮቲን መረብ ነው። በረዶ መረቡን ይበጣጥሰዋል። ሲቀልጥ አጓቱ ለብቻው ይወጣል፣ የቀረው ሻካራ ይሆናል። ብታማስሉት ይቀላቀላል እንጂ ያ ልስላሴ አይመለስም።

አይብ ድሮም ፍርፍር ስለሆነ ብዙ አይጎዳም፤ ትንሽ ይደርቃል።

ለሻይና ለገንፎ ከሆነ ወተቱን አቀዝቅዙ። እርጎ በማንኪያ ለመብላት ካማራችሁም ወተቱን አቀዝቅዛችሁ፣ አቅልጣችሁና አፍልታችሁ ያኔ አርጉት። የረጋው እርጎ ፍሪዘር የሚገባው ለሊጥ ወይም ለጁስ ከተፈለገ ነው።