በርንዳውን ወይስ በርንአፕ? ለግራፍ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት

ባለፉት ጥቂት ወራት ሦስት ጓደኞቼ አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቀውኛል። ሦስቱም የሶፍትዌር ቡድን ይመራሉ፤ ሦስቱም የሚሠሩት በሁለት ሳምንት ስፕሪንት፣ ማለትም ጊዜው አስቀድሞ በተወሰነ አጭር የሥራ ዙር ነው። «የስፕሪንቱን ሂደት በየትኛው ግራፍ ብከታተል ይሻላል? ለየትኛውስ ልክፈል?» ይላሉ። መልሴ አጭር ነው፦ በርንአፕን ምረጡ፤ ለግራፉ ብላችሁ ግን ምንም አትክፈሉ። እኔ እዚህ መልስ ላይ የደረስኩት ገንዘብ አውጥቼ፣ ከደንበኛም ጋር ተጋጭቼ ስለሆነ ምክንያቱን በዝርዝር እጽፈዋለሁ።

በርንዳውን የቀረውን ሥራ በአንድ መስመር ያሳያል፤ መስመሩ ከላይ ተነሥቶ በስፕሪንቱ የመጨረሻ ቀን ዜሮ ላይ ማረፍ አለበት። በርንአፕ ሁለት መስመር አለው። የታችኛው እስከ ዛሬ የተጠናቀቀው ሥራ ድምር ነው፤ የላይኛው የስፕሪንቱ ጠቅላላ ሥራ፣ ማለትም የሥራ ወሰኑ ነው። ሁለቱ የተገናኙ ቀን ሥራው አለቀ ማለት ነው። በርንዳውን እነዚህኑ ሁለት ቁጥሮች አቀናንሶ ልዩነቱን ብቻ ይሰጣችኋል። ልዩነቱ ሲሰፋ ቡድኑ ስለዘገየ ይሁን ሥራ ስለተጨመረ መስመሩ ሊነግራችሁ አይችልም። ለበርንአፕ የማዳላው በዚህ አንድ ነጥብ ምክንያት ነው።

ነገሩን በደረሰብኝ ልግለጸው። ለአንድ ደንበኛ የሒሳብ መሰብሰቢያ ሥርዓት እየሠራን ነበር። ስፕሪንቱ 10 የሥራ ቀን ሲሆን የያዝነው ሥራ፣ የሥራን ክብደት በምንገምትበት መለኪያ፣ 40 ነጥብ ነበር፤ በእኩል ፍጥነት ቢሄድ በቀን 4 ነጥብ ማለት ነው። በአራተኛው ቀን ደንበኛው የደረሰኝ ቅርጽ እንዲለወጥ ጠየቀና 4 ነጥብ ገባ። በአምስተኛው ቀን ደግሞ አዲስ የክፍያ ማሳወቂያ ተፈልጎ 6 ነጥብ ተጨመረ። የአምስቱ ቀን ቁጥር ይህን ይመስል ነበር፦

| ቀን | የዕለቱ የተጠናቀቀ | የተጠናቀቀ ድምር | የሥራ ወሰን | የቀረ |
|---|---|---|---|---|
| 1 | 4 | 4 | 40 | 36 |
| 2 | 4 | 8 | 40 | 32 |
| 3 | 3 | 11 | 40 | 29 |
| 4 | 4 | 15 | 44 | 29 |
| 5 | 4 | 19 | 50 | 31 |

የመጨረሻውን ዓምድ ብቻ ወደ ታች አንብቡት፤ በርንዳውኑ እሱ ነው። በአራተኛው ቀን መስመሩ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ በአምስተኛው ቀን ጭራሽ ወደ ላይ ወጥቷል። በዕቅዱ መሠረት 20 ነጥብ ሊቀር ሲገባ 31 ይታያል። በስድስተኛው ቀን ጠዋት የደንበኛው ተወካይ ግራፉን አይተው «ልጆቹ ሁለት ቀን ሙሉ ምንም አልሠሩም ማለት ነው?» አሉኝ። በሁለቱ ቀን 8 ነጥብ ተሠርቶ ነበር። ያን ለማስረዳት ግን ኢሜይል መፈለግ፣ ሥራ በሥራ መቁጠር ነበረብኝ፤ እያስረዳሁም ሰበብ የምፈልግ መሰልኩ። እስከ እኩለ ሌሊት የሠሩት ልጆች ያንን ጥያቄ ቆመው ሰሙ።

አሁን መካከለኞቹን ሁለት ዓምዶች አንብቡ። የተጠናቀቀው 19 ነው፤ በዕቅዱ 20 መሆን ነበረበት። ቡድኑ የዘገየው በ1 ነጥብ ብቻ ነው። ከታየው የ11 ነጥብ ልዩነት 10ሩ ከላይ የተጨመረ ሥራ ነው። በርንአፕ ላይ ይህ ሳይነገር ይታያል፤ የታችኛው መስመር በአንድ ፍጥነት እየወጣ፣ የላይኛው ደግሞ በአራተኛውና በአምስተኛው ቀን እንደ ደረጃ ከፍ ብሎ።

ቀጣዩ ንባብ ይበልጥ ይጠቅማል። በአምስት ቀን 19 ነጥብ ማለት በቀን 3.8 ነው። የታችኛውን መስመር በዚያው ፍጥነት እስከ አሥረኛው ቀን ብትስቡት 38 ላይ ያርፋል። የሥራ ወሰኑ 50 ስለሆነ 12 ነጥብ ይተርፋል። ምንም ባይጨመር ኖሮ የሚተርፈው 2 ብቻ ነበር። ስለዚህ ከደንበኛው ጋር መነጋገር የነበረብን ቡድኑን ስለማፍጠን አልነበረም፤ ከ50ው የትኛው 12 ነጥብ ወደሚቀጥለው ስፕሪንት ይሂድ በሚለው ላይ ነበር። በአምስተኛው ቀን ቢወሰን ማንንም አያስቀይምም ነበር፤ በአሥረኛው ቀን ግን ጠብ ሆነ።

ተቃራኒው ስህተት ደግሞ የባሰ ነው፤ ምክንያቱም መልካም ዜና መስሎ ይመጣል። ከሁለት ስፕሪንት በኋላ በ42 ነጥብ ጀመርን፤ በስምንተኛው ቀን እንደማንደርስ ስላወቅን የሪፖርቱን ክፍል፣ 12 ነጥብ፣ ወደሚቀጥለው አዛወርነው። በርንዳውኑ በዚያ ቀን ቁልቁል ወረደና በአሥረኛው ቀን ዜሮ ላይ አረፈ። ደንበኛው ዜሮውን አይቶ አመሰገነን፤ በርክክቡ ቀን «ሪፖርቱስ የታለ?» አለ። ግራፉ የተሠራውን 30 እና የወጣውን 12 አንድ ላይ «አለቀ» ብሎ አሳይቶት ነበር። በርንአፕ ቢሆን የላይኛው መስመር ከ42 ወደ 30 ሲወርድ ይታይ ነበር።

ከዚህ በኋላ ነው በርንአፕ ፍለጋ የሄድኩትና የተሳሳተ ግዢ የፈጸምኩት። በምንጠቀምበት የሥራ ሰሌዳ ላይ የሚገጠም የግራፍ ተጨማሪ መሣሪያ ነበር፤ ዋጋው ለአንድ ሰው በወር 2 ዶላር። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ሒሳቡ ግራፉን ለሚከፍት ሰው ብቻ አልነበረም፤ በሰሌዳው ላይ ስሙ ላለ ሁሉ ነበር። እኛ 12 ነን፤ ግራፉን የምናየው ሦስታችን። በወር 24፣ በዓመት 288 ዶላር ሆነ። መጀመሪያ ስንከፍል ዶላሩ 57 ብር ገደማ ስለነበር ወደ 16,400 ብር ወጣ። የውጭ ምንዛሪ ገበያው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተለቀቀ በኋላ ሲታደስ 115 ብር ገደማ ነበርና ያው ግራፍ 33,000 ብር አለፈ። በዶላር የሚከፍል ካርድ ለማግኘት የተሄደበትን መንገድ አልቆጠርኩም።

ለዚያ ገንዘብ ያገኘነው ስሙ ብቻ በርንአፕ የሆነ ነገር ነበር። የላይኛውን መስመር የሚስለው በየቀኑ ከተመዘገበው ሳይሆን ከዛሬው ጠቅላላ ሥራ ነው። በአምስተኛው ቀን 6 ነጥብ ስትጨምሩ መስመሩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከፍ ይላል፤ ሥራው ዱሮም እንደነበረ ይመስላል። ደረጃው ይጠፋል። ግራፉን የሚያይ ሰው «50 ነጥብ እንሠራለን ብለው ቃል ገብተው 38 አደረሱ» ብሎ ይደመድማል። ለአቅራቢው ስጽፍ ከ11 ቀን በኋላ «አሠራሩ እንዲህ ነው» የሚል መልስ መጣ። ገንዘቡ አልተመለሰም።

ስለዚህ የትኛውንም መሣሪያ በነጻው የሙከራ ጊዜ እንዲህ ፈትኑት። የሙከራ ስፕሪንት ክፈቱ፤ በሦስተኛው ቀን 5 ነጥብ ጨምሩና የትላንቱን የላይኛው መስመር ተመልከቱ፤ ትላንት መለወጥ የለበትም። በማግስቱ 3 ነጥብ የነበረን ሥራ ግምት ወደ 8 ቀይሩ፤ የሥራ ወሰኑ በዚያው ቀን በ5 ከፍ ማለት አለበት። ከሁለቱ አንዱን ከወደቀ አትግዙት።

በቴሌግራም የሚዘዋወሩ የተዘጋጁ የኤክሴል ቅጾችም ተመሳሳይ ጉድለት አለባቸው። ከደረሱኝ አራት ቅጾች ሦስቱ የላይኛውን መስመር በየቀኑ ከአንድ ሕዋስ፣ ብዙ ጊዜ ከ `$B$2`፣ ነው የሚያነቡት። ያ በርንአፕ አይደለም፤ የተገለበጠ በርንዳውን ነው። ጥገናው ቀላል ነው፤ የተጨመረውንና የወጣውን በየቀኑ ለየብቻ መመዝገብ። በ`B` የተጨመረ፣ በ`C` የወጣ፣ በ`D` የተጠናቀቀ ነጥብ ይግባ። ሁለተኛው ረድፍ የመነሻ ቀን ነው፤ `E2` ላይ 40፣ `F2` ላይ 0 ጻፉ። ከሦስተኛው ረድፍ ጀምሮ፦

```
E3: =E2+B3-C3
F3: =F2+D3
G3: =E3-F3
```

`E` እና `F` በርንአፕ ናቸው፤ `G` በርንዳውን ነው። በቀን ሁለት ደቂቃ ይወስዳል፤ ዋጋው ዜሮ ነው። ቅዳሜና እሁድ ካልሠራችሁ ረድፍ አትስጧቸው፤ አለበለዚያ ሰኞ ጠዋት ሁልጊዜ የዘገያችሁ ትመስላላችሁ።

ጂራ የተባለውን የሥራ ሰሌዳ የምትጠቀሙ ከሆነ ይህም ላያስፈልጋችሁ ይችላል። እስከ 10 ተጠቃሚ ነጻ ነው፤ የበርንአፕ ሪፖርቱም ከውስጡ አለ። የስፕሪንት ሪፖርቱ ደግሞ ስፕሪንቱ ከተጀመረ በኋላ በገቡ ሥራዎች ላይ የኮከብ ምልክት ያደርጋል፤ ያ ምልክት ከደንበኛ ጋር ለመነጋገር ከማንኛውም መስመር ይበልጥ ረድቶኛል። ጥንቃቄ የሚፈልገው 11ኛው ሰው ነው፤ እሱ ሲገባ የሚከፈለው ለእሱ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም ነው።

«በስፕሪንት የመሥራት ዘዴው፣ ስክረም፣ በርንዳውን ያስገድዳል» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አያስገድድም። የስክረም መመሪያ በርንዳውንን ከግዴታነት ያነሣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ የ2020ው እትም በርንዳውንንም በርንአፕንም እንደ አማራጭ ይጠቅሳቸዋል። በርንዳውን የሚበቃበት ሁኔታ አለ፦ ስፕሪንቱ አንድ ሳምንት ከሆነ፣ መሐል ላይ ማንም ሥራ የማያስገባ ከሆነ፣ ግራፉንም የሚያየው ቡድኑ ራሱ ብቻ ከሆነ። እንደዚያ ያለ ቡድን አንድ ገጥሞኛል።

በርንአፕ የማያሳየው ነገርም አለና ሳልናገር አላልፍም። በአንድ ቀን 6 ነጥብ ገብቶ ሌላ 6 ነጥብ ቢወጣ የላይኛው መስመር አይነቃነቅም። ደንበኛው የፈለገው ሥራ ግን ተለውጧል። ይህን የሚይዙት `B` እና `C` ብቻ ናቸው። አሁን በየርክክቡ ግራፉን ሳሳይ ሁለቱን ዓምዶች ከሥሩ አትሜ አቀርባለሁ፤ እያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ ሥራው የተጠየቀበት ቀንና የጠየቀው ሰው የሥራ ኃላፊነት ተጽፎ።