«በቁጥር መዝግበን እናጓጉዛለን» የሚሏችሁን ተጠንቀቁ

ጎንደር ውስጥ ቤት ልትቀይሩ ያሰባችሁ፣ ይህን ሳታነቡ ቀብድ እንዳትሰጡ። ዓይነታቸውን ታውቁታላችሁ፤ ደላላው ይደውልላቸዋል፣ እነሱም አይሱዙና ባዶ የዘይት ካርቶን ይዘው ከች ይላሉ። አሁን ደግሞ «ክፍል በክፍል እንመዘግባለን፣ ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ወረቀቱም ላይ አለ» እያሉ ከጭነቱ ሂሳብ ላይ ይጨምራሉ።

የእኔ ዕቃ የጠፋው በዚያው ቁጥር ነው። ሳሎኑን ከ1 እስከ 9 ጻፉ። ኩሽና ሲገቡ 10 ብለው መቀጠል ሲገባቸው እንደገና ከ1 ጀምረው 11 ላይ አቆሙ። መኝታ ቤቱም እንዲሁ ከ1 እስከ 8። ወረቀቱ ላይ የየክፍሉ ርዕስ ስላለ ነገሩ ደህና ይመስላል። ካርቶኑ ላይ ግን የክፍል ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ። አንድ አይሱዙ ላይ ሦስት «4 ቁጥር» ተጫነ ማለት ነው።

አዘዞ ሲራገፍ የኩሽናው 4 የለም። ጀበናው፣ ሲኒዎቹና ሙቀጫው ያሉበት ነው። አለቃቸውን ብጠይቀው ወረቀቱን እንኳ ገለጥ አላደረገም። የመኝታ ቤቱን ካርቶን በእግሩ ገፋ አድርጎ፣ «ይኸው 4 ቁጥር! ማንበብ ትችያለሽ አይደል?» አለኝ፤ ልጆቹ ሳቁ። ከፍቼ አንሶላ ሳሳየው፣ «እኛ የምንቆጥረው ካርቶን ነው፣ ሆድ ዕቃውን አይደለም» አለ። ከዚያ ጮክ ብሎ ቆጠረ፦ 28! በወረቀቱም 9፣ 11 እና 8 ሲደመር 28 ነው። የሞላው ግን ዝርዝሩ ውስጥ ጭራሽ ያልገባውን፣ እኔ ራሴ ያሸግኩትን የቴሌቪዥን ካርቶን ጨምሮ ነው። ወረቀቱ አንድ ቅጂ ብቻ፣ እሱም በእሱ እጅ። በኩሽናው 4 ትይዩ የተጻፈው «ልዩ ልዩ ዕቃ» ይላል፤ በዚህ ማንን ይከሷል? ይባስ ብሎ ቀሪው ሂሳብ ካልተከፈለ ፍራሹ አይወርድም አለ፤ ንቀቱ ከጀበናው በላይ ያንገበግባል።

ቁጥሩ ከክፍል ወደ ክፍል ሳይቋረጥ ይሂድ፣ ፊቱም የክፍሉ ፊደል ይኑረው፦ ሳ-9፣ ኩ-10። ሲደራረብ ክዳኑ ስለማይታይ በሁለት ጎኑ በማርከር ይጻፍ፤ በካርቶኑ ላይ የቆየ ቁጥር ካለ ይሰረዝ። ካርቶን የማይገባው ምጣድ፣ ሲሊንደርና ፍራሽም በፕላስተር ቁጥር ይለጠፍበት። ወረቀቱ ላይ ይዘቱ በስሙ ይጻፍ፣ «ሲጫን» እና «ሲወርድ» የሚሉ ሁለት ዓምዶችም ይኑሩት። መኪናው ሳይነሳ አለቃው ይፈርምበት፣ በስልካችሁም ፎቶ አንሱት። ሲወርድ ድምር አትቁጠሩ፤ እያንዳንዱን ቁጥር እየጠራችሁ ምልክት አድርጉ። ቀሪው ሂሳብ የሚከፈለውም የመጨረሻው ምልክት ከተደረገ በኋላ እንደሆነ ቀብድ ስትሰጡ አስጽፉ።