ኢሜይሌን ላስመለሰልኝ ልጅ፣ እግዜር ይስጥህ

ትናንት ማታ ጂሜይሌ ተከፈተ። ከ5 ሳምንት በኋላ! አልቅሻለሁ፣ አልዋሽም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስልኬ ተሰረቀ። የይለፍ ቃሉን ከጥቂት ወራት በፊት ቀይሬው ነበር፤ ስልኩ ስለሚያስታውስልኝ እኔ ረስቼዋለሁ። ኮድ በስልክ ይላክልኝ ብል፣ የተመዘገበው ድሮ የጣልኩት ሲም ነው። ደወልኩበት። የማላውቀው ሰውዬ አነሳ። ቁጥሩ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል።

ከዚያ ኢሜይል እናስከፍታለን ብለው የዞርኩባቸውን ቤቶች ስም አልጠራም። የመጀመሪያው "ጉግል ውስጥ ሰው አለኝ" ብሎ ግማሽ ክፍያ ተቀበለኝ፤ ከዚያ ወዲያ ስልኩ አይነሳም። ሁለተኛው ይባስ። እስከዛሬ የተጠቀምኩባቸውን የይለፍ ቃሎች በሙሉ ወረቀት ላይ አስጻፈኝ። እኔም ጻፍኩለት፣ ሞኝ አይደለሁ! ከራሱ ኮምፒውተር ላይ እየደጋገመ ሲሞክር ዋለና፣ ሙከራው ስለበዛ ቆይታችሁ ሞክሩ የሚል ነገር መጣ። "ይሄ ሞቷል፣ አዲስ ክፈቺ" ብሎ ሸኘኝ። ወረቀቴንም አልመለሰልኝም።

አዲስ መክፈትማ ማን ያቅተዋል? ግን እናቴ በሕይወቷ የጻፈችው አንድ ኢሜይል እዚያ ውስጥ ነው። የእህቴ ልጅ አስተምሯት፣ በአንድ ጣት እየፈለገች የጻፈችው፤ ሁለት መስመር ብቻ። "ደረሰሽ ወይ? ካልደረሰሽ ንገሪኝ" ይላል። ካልደረሰኝ እንዴት ብዬ ልንገራት? ስንት ጊዜ ስቀንበታለሁ። አሁን እሷ የለችም።

ሦስተኛው ይህ ልጅ ነው። ገና ታሪኩን ስነግረው "መጀመሪያ መሞከር ያቁሙ" አለኝ። ቀጥሎ የጠየቀኝ ደግሞ ማንም ያልጠየቀኝን ነው፦ "ይህን ኢሜይል ድሮ የሚከፍቱበት ሌላ ዕቃ አለ?" አሮጌ ላፕቶፕ አለኝ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ። ፊቱ በራ። "እዚህ እንዳያመጡት። ቤትዎ፣ በራስዎ ዋይፋይ፣ ሁልጊዜ በሚጠቀሙበት ክሮም ነው የምንሞክረው። ቪፒኤን ካለ ያጥፉት" አለኝ። ምክንያቱን አስረድቶኛል፤ እኔ የገባኝ የጉግል ማሽን ዕቃውንና ቦታውን ካወቀው ባለቤቷ መሆኔን ቶሎ እንደሚያምን ነው። ካላመነ በእጅ የሚከፍት ሰው የለም፣ እችላለሁ የሚል ይዋሻል አለኝ። እሱም ላይሳካ እንደሚችል ሳልጠይቀው ነው የነገረኝ። ካልተከፈተም ምንም አልቀበልም አለ።

ማታ በእህቴ ስልክ እያወራን ሠራነው። መጀመሪያ ክሮም ውስጥ ያስቀመጥኳቸውን የይለፍ ቃሎች አስከፈተኝ። የድሮው እዚያ ተቀምጧል! ደስ ብሎኝ ጮክ ብዬ ላነብለት ስል "ኧረ አይንገሩኝ! ለራስዎ ይያዙት" ብሎ አስቆመኝ። ያቺን ወረቀት አስታወስኩ። ለእኔ ሙያም ደግነትም ማለት ያቺ ቅጽበት ናት።

ከዚያ g.co/recover ገባሁ። የሚያስታውሱትን የመጨረሻ የይለፍ ቃል ያስገቡ ሲል የድሮውን ጻፍኩ። ለካ ዛሬ የማይሠራ ቢሆንም ለማስረጃ ይጠቅማል። ወደዚያ ወደጠፋው ቁጥር ኮድ ልላክ ሲል፣ እሺ ሳልል Try another way የሚለውን አስነካኝ። በመጨረሻ ላገኘው የምችለው ሌላ ኢሜይል ጠየቀኝ፤ የእህቴን ሰጠሁ። እዚያ የመጣውን ኮድ ሳስገባ 48 ሰዓት ጠብቂ አለኝ።

እነዚያ ሁለት ቀናት! እጄ ይበላኛል፣ ደግሜ ልሞክር እላለሁ። ልጁ ጠርጥሮኝ ነው መሰል በማግስቱ ደወለ፦ "አልነኩትም አይደል?" አልነካሁትም። ሁለቱ ቀን ሲሞላ፣ ማታ ላይ የእህቴ ኢሜይል ውስጥ ማስፈንጠሪያው መጣ፤ ተጫንኩት፣ አዲስ የይለፍ ቃል አወጣሁ፣ ገባሁ። የእናቴ ሁለት መስመር እንዳለ አለ።

ሥራው እዚህ ቢያበቃም በደስታ እከፍለው ነበር። እሱ ግን ያንን የሰውዬውን ቁጥር አስወጥቶ አዲሱን አስገባኝ፣ የእህቴን ኢሜይል መጠባበቂያ አስደረገኝ። ባለሁለት ደረጃውን ማረጋገጫ አስከፍቶም 10 መጠባበቂያ ኮዶች ወረቀት ላይ አስገለበጠኝ። እያንዳንዱ የሚሠራው አንዴ ብቻ ነው፤ ያኔ ስልክ ባይኖረኝም እገባለሁ ማለት ነው። ይህኛው ወረቀት ከእኔው ጋር ነው!

ስሙን እዚህ እንዳልጽፍ ለምኖኛል፣ ሰው ይበዛብኛል ብሎ። የቸገረው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ቁጥሩን እሱን ጠይቄ እሰጣለሁ። ኧረ ጻፉልኝ፣ ገንዘባችሁን እንደኔ አትበትኑ! እስክታገኙት ድረስ ግን መሞከራችሁን አቁሙ፤ አሮጌውን ላፕቶፕም እንዳትሸጡት።