አሻራው ስክሪን ውስጥ የሆነ ስልክ ልትገዙ ከሆነ፣ መጀመሪያ ጣታችሁን አርጥቡ

ወገኖቼ፣ በተለይ እጃችሁ ከውሃ የማይወጣ፣ ይህን ሳታነቡ ስልክ እንዳትቀይሩ።

እኔ ጣና ዳር ዓሳ እየገፈፍኩ እሸጣለሁ። አሻራው በጎኑ፣ ማብሪያ ቁልፉ ላይ ያለ ስልክ ነበረኝ። ባለፈው ወር እዚሁ ባሕር ዳር አንድ ሱቅ ገብቼ እሱን ሰጠሁና 6 ሺህ ብር ጨምሬ አሻራው ስክሪኑ ውስጥ ያለ ስልክ ወሰድኩ። ሻጩ «እህቴ፣ ይሄ እኮ አዲሱ ነው፤ ምንም ዓይነት ጣት ይሁን ይከፍታል» አለኝ። ሱቁ ውስጥ በደረቅ እጄ ሞከርኩት፤ ወዲያው ከፈተ።

በማግስቱ አምባዛ ስገፍፍ አንድ ደንበኛ በቴሌብር ከፍሎ «ገባልሽ?» አለኝ። ጣቴን ባስነካው እምቢ። በሽርጤ ጠርጌ ደገምኩ፤ እምቢ። አምስት ጊዜ ሲስት ጭራሽ ለ30 ሰከንድ አሻራ አልቀበልም አለ። ሰውየው ቆሞ ይጠብቃል፣ እኔ በዓሳ እጄ የሚስጥር ቁጥር እነካካለሁ።

ስልክ የሚጠግን ጎረቤቴ ነገሩን አስረዳኝ። የእኔው ዓይነት በስክሪኑ ብርሃን ጣትን እያበራ ከሥር ፎቶ ያነሳል። በአሻራው መስመሮች መካከል ውሃ ሲሞላ ፎቶው ላይ መስመሩ ይጠፋል። የአምባዛ ልጋግ ደግሞ መስታወቱም ላይ ይቀራል፤ ስለዚህ ጣትን ብቻ መጥረግ አይበቃም። በዚያ ላይ ሱቁ የለጠፈልኝ ግላስ መሃሉ ላይ በደንብ አልተጣበቀም ነበር፤ ከሥሩ የገባችው አየር ፎቶውን ታበላሻለች።

የጎኑስ? አልዋሽም፣ እሱም ርጥብ ጣት ይስታል። የሚያነበው በብርሃን ሳይሆን በጣት ቆዳና በቁልፉ መካከል ባለው የኤሌክትሪክ ልዩነት ነው፤ ውሃ ሲገባ ልዩነቱ ይጠፋል። ግን ቁልፏ ትንሽ ናት፣ ግላስም አይለጠፍባትም። ጣቴንና ቁልፏን አንዴ በደረቅ ጨርቅ ካበስኩ ትከፍትልኝ ነበር።

ስክሪን ውስጥ ሆኖ በብርሃን ሳይሆን በድምፅ ሞገድ የሚያነብም አለ፤ ሳምሰንግ በ2019 እ.ኤ.አ. ጋላክሲ ኤስ10 ላይ ያወጣው ዓይነት። እሱ ርጥበትን የተሻለ ይችላል፣ ግን ወፍራም ግላስ ያስቸግረዋል፤ በብዛት የምታገኙትም ውድ ስልኮች ላይ ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ጣታችሁን ስታስቀምጡ ከሥሩ ደማቅ ብርሃን ቦግ ካለ፣ የእኔው ዓይነት ነው።

ስለዚህ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት የራሳችሁን አሻራ አስመዝግቡ። ከዚያ ጣታችሁን ውሃ ነክራችሁ አራግፉና ደጋግማችሁ ሞክሩ። ጠርጋችሁም ሞክሩ። ሻጩ «ስክሪኑ ይበላሻል» ብሎ ከከለከላችሁ ትታችሁ ውጡ።

እኔ ልመልስ ብሄድ «የተሸጠ አይመለስም» ተባልኩ። ጎረቤቴ ግላሱን ልጦ፣ የድሮውን አሻራ አጥፍቶ፣ ያንኑ ጣት ሁለት ጊዜ መዘገበልኝ። ቤት ውስጥ አሁን ጥሩ ይከፍታል። ዓሳው ጋ ግን ዛሬም በቁጥር ነው የምከፍተው።